የወለድ ወለድ

የባንክ ሰዎች «ኮምፓውንድ ኢንተረስት» የሚሉትን ቃል አንዳንዶች «ድርብ ወለድ»፣ ሌሎች ደግሞ «ውሁድ ወለድ» እያሉ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። «ድርብ» ሲባል ወለዱ ሁለት እጥፍ የሚከፈል ይመስላል፤ «ውሁድ» ደግሞ ምን ከምን እንደተዋሐደ አይናገርም። እኔ «የወለድ ወለድ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ አሠራሩ በስሙ ውስጥ አለና። «ወለድ» ራሱ «ወለደ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ዋናው ገንዘብ እናት፣ ወለዱ ልጅ ነው እንበል። በነጠላ ወለድ ዘመኗን ሁሉ የምትወልደው እናቲቱ ብቻ ናት። በወለድ ወለድ ግን ልጆቹም ይወልዳሉ። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ቢወልድ በመጀመሪያው ዓመት 700 ብር ይገኛል። ይህ 700 ብር ካልተነካ በሁለተኛው ዓመት የሚወለደው በ10,700 ብር ላይ ስለሚሰላ 749 ብር ይሆናል። ጭማሪው 49 ብር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ነገሩን ከቁም ነገር የማይቆጥረውም በዚህ ምክንያት ነው። በሠላሳኛው ዓመት ግን የአንድ ዓመቱ ወለድ ብቻ ወደ 4,980 ብር ይደርሳል። በነጠላ ወለድ ቢሆን ኖሮ 10,000 ብሩ ከ30 ዓመት በኋላ 31,000 ብር በሆነ ነበር፤ በወለድ ወለድ ግን 76,123 ብር ይሆናል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትልቁ ነገር፣ ለቆጣቢ ሰው ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ የገንዘቡ ዕድሜ ሊበልጥ እንደሚችል ነው። ሁለት ሰዎችን በምሳሌ እናስብ። ሂሩት በ25 ዓመቷ ጀምራ በየወሩ 1,000 ብር፣ ማለትም በዓመት 12,000 ብር ትቆጥባለች። 35 ዓመት ሲሞላት ማስቀመጡን ታቆማለች፤ ያጠራቀመችውን ግን እስከ 60 ዓመቷ አትነካም። ካሣሁን ደግሞ ሂሩት ባቆመችበት በ35 ዓመቱ ይጀምርና ያንኑ 12,000 ብር እስከ 60 ዓመቱ ድረስ ሳያቋርጥ ለ25 ዓመት ያስቀምጣል። ከኪሷ የወጣው 120,000 ብር ነው፤ ከኪሱ የወጣው 300,000 ብር። ወለዱ 7 በመቶ ከሆነና ሂሳቡን ለማቅለል የዓመቱ ቁጠባ በዓመቱ መጨረሻ እንደገባ ብንቆጥር፣ በ60 ዓመታቸው ሂሩት ወደ 899,850 ብር፣ ካሣሁን ወደ 758,990 ብር ይኖራቸዋል። እሱ ካስቀመጠው ግማሹን እንኳ ሳታስቀምጥ በ140,000 ብር ትበልጠዋለች። ምክንያቱ የሚታየው እያንዳንዱን ተቀማጭ ለብቻው ስንከተል ነው። ሂሩት በመጀመሪያው ዓመት ያስቀመጠችው 12,000 ብር 34 ዓመት ስለሚወልድ 119,700 ብር ገደማ ይሆናል። ካሣሁን በ45 ዓመቱ የሚያስቀምጠው 12,000 ብር ግን 33,100 ብር ላይ ይቆማል፤ በ55 ዓመቱ የሚያስቀምጠው ደግሞ 16,800 ብር ላይ። ብሩ አንድ ነው፤ የተለያየው የተሰጠው ጊዜ ነው። በ45 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ሂሩት ላይ ለመድረስ ቢፈልግ ለ15 ዓመት በየወሩ 3,000 ብር ያህል፣ በድምሩ ከ530,000 ብር በላይ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ይህን ምሳሌ እንደ ዘላለማዊ ሕግ አድርጎ ማቅረብ ግን ትክክል አይደለም፤ በወለዱ መጠን ላይ የቆመ ነውና። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ያንኑ ስሌት በቀድሞው 5 በመቶ ብንሠራው ሂሩት 511,000 ብር፣ ካሣሁን 573,000 ብር ገደማ ይኖራቸዋል፤ አሸናፊው ይለወጣል ማለት ነው። በ6 በመቶ ሂሩት በጥቂቱ ትቀድማለች። ስለዚህ ጊዜ ብዛትን የሚረታው ወለዱ ወደ 6 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች ካሣሁን ያስቀመጠው ተጨማሪ ብር ያይላል። በ5 በመቶም ቢሆን ለእያንዳንዱ ለተቀመጠ ብር የሂሩት ከ4 ብር በላይ ሲሆን የካሣሁን 2 ብር እንኳ አይሞላም። በወጣትነት ያለው ደመወዝ ትንሽ ነው ለሚሉም መልሱ ከዚሁ ይገኛል። በ7 በመቶ ስሌት በ25 ዓመት ዕድሜ የተቀመጠ 300 ብር በ45 ዓመት ከሚቀመጥ 1,000 ብር ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የዋጋ ንረት ነው፤ በአገራችን ደግሞ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ 7 በመቶ የሚወልድ ገንዘብ በቁጥር ያድጋል እንጂ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። ንረትም የሚሠራው በዚሁ የወለድ ወለድ ስሌት ነው፤ የዘንድሮው ጭማሪ የሚሰላው በአምናው ጭማሪ ላይ ነውና። በእንዲህ ያለው ንረት ቤት ውስጥ የተቀመጠ 1,000 ብር ከ10 ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 160 ብር የሚገዛውን ያህል ሲሆን፣ በ7 በመቶ ባንክ የተቀመጠው ደግሞ 320 ብር የሚገዛውን ያህል ነው። ሁለቱም ከስረዋል። ከዚህ የምረዳው ቀድሞ መጀመር ከንቱ እንደሆነ አይደለም፤ የሚቆጠረው ወለድ ከንረቱ በላይ የሚተርፈው ብቻ መሆኑን ነው። ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ፣ ለቅርብ ችግር ከሚያስፈልገው በቀር ያለውን ገንዘብ ከቁጠባ ሂሳብ ይልቅ የትርፍ ድርሻው ተመልሶ አክሲዮን በሚገዛበት ድርጅት ወይም ገቢ በሚያስገኝ ንብረት ላይ ማዋል ይሻላል፤ እርግጥ እነዚህም የየራሳቸው አደጋ አላቸው። ወለድ በሃይማኖታቸው የማይፈቀድላቸውም ቢሆኑ ስሌቱ አይቀርባቸውም፤ ከወለድ ነፃ በሆነ አገልግሎት የተገኘ የትርፍ ድርሻ ሳይወጣ እንደገና ሲሠራበት በዚያው መንገድ ያድጋል።

ስሌቱ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ እጅ ነው። ወለዱን በየዓመቱ ለበዓል ወጪ የሚያወጣ ሰው ልጆቹን ሳይወልዱ ሸኝቷቸዋል፤ ሂሳቡ ወደ ነጠላ ወለድ ይመለሳል። ሂሩት እንዲህ ብታደርግ በ60 ዓመቷ የምታገኘው ያስቀመጠችውን 120,000 ብር ብቻ ነበር። ወለዱ በእርግጥ ወለድ እየወለደ መሆኑን ለማወቅ የባንክ ደብተራችሁን ክፈቱና ምንም ባልጨመራችሁበትና ባላወጣችሁበት ሂሳብ ላይ የአምናውንና የዘንድሮውን ወለድ አስተያዩ። የወለዱ መጠን ሳይለወጥ 700 የነበረው አሁንም 700 ከሆነ ወለዱ ከዋናው ገንዘብ ጋር አልተደመረም፤ ወደ ባንኩ ሄዳችሁ ጠይቁ።