የተላለፈ ግብር

የተላለፈ ግብር (ዲፈርድ ታክስ) በሂሳብ መዝገብ የሚታየው ትርፍና ግብር የሚከፈልበት ገቢ አንድን ገቢ ወይም ወጪ በተለያየ ዓመት ሲይዙት የሚመዘገብ፣ ወደፊት የሚከፈል ወይም የሚቀነስ የትርፍ ግብር ነው። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 12 በ1979 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1996 ሲሻሻል ስሌቱ ከትርፍና ኪሳራ መግለጫ ይልቅ በሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ እንዲመሠረት አድርጓል። ደረጃዎቹ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ የሚውሉት በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ነው።

ዋናው ምንጭ የእርጅና ቅናሽ ነው። አንድ ድርጅት በ1,200,000 ብር የገዛውን ማሽን በመዝገቡ በ6 ዓመት፣ ለግብር ደግሞ በ4 ዓመት እኩል እየቀነሰ ይጨርሳል እንበል። በመዝገቡ በየዓመቱ 200,000፣ ለግብር 300,000 ብር ይቀነሳል። የ100,000 ብሩ ልዩነት በ30 በመቶ ሲሰላ ድርጅቱ በዓመት 30,000 ብር ያነሰ ግብር ይከፍላል፤ ይኸው መጠን ግን ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። በ4ኛው ዓመት መጨረሻ ዕዳው 120,000 ብር ይደርሳል። በ5ኛውና በ6ኛው ዓመት ለግብር የሚቀነስ ስለማይኖር በየዓመቱ 60,000 ብር እየተሰረዘ ያልቃል። የስድስቱ ዓመት ጠቅላላ ግብር አይለወጥም፤ የተለወጠው የመክፈያው ጊዜ ብቻ ነው።

እንደ መቀጮ ያለ፣ ግብር ሰብሳቢው ፈጽሞ የማይቀበለው ወጪ ልዩነቱ ስለማይመለስ የተላለፈ ግብር አያስከትልም። ከኪሳራ የሚመነጭ የተላለፈ ግብር ሀብትም የሚመዘገበው ኪሳራው የሚካካስበት የወደፊት ትርፍ የመገኘቱ ዕድል ሲያመዝን ብቻ ነው።