አካባቢያዊ ደፍ፦ የደበዘዘ የደረሰኝ ፎቶ ለኦሲአር እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ለድርጅቶች ሂሳብ የሚሠራ ሰው በወር መጨረሻ የሚደርሰው የደረሰኝ ክምር አሁን አሁን ከፊሉ ወረቀት፣ ከፊሉ ፎቶ ነው። ዕቃ ገዢው ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በስልኩ ያነሳና በቴሌግራም ይልከዋል። ምስሉ ከፎቶ ላይ ፊደልና ቁጥር ለሚለቅም ፕሮግራም፣ ማለትም ለኦሲአር፣ ሲሰጥ ግን የደረሰኙ አንድ ጎን ይነበብና ሌላው ባዶ ይወጣል፤ ወይም 480 ብር የነበረው 430 ሆኖ ይመዘገባል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ይጥላል። እኔ ግን በደረሰኝ ፎቶ ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ከንባቡ በፊት፣ ምስሉ ወደ ጥቁርና ነጭ በሚለወጥበት እርምጃ ላይ ነው እላለሁ። ያንን እርምጃ በትክክል ለመሥራት የሚያገለግለው ዘዴ አዳፕቲቭ ትሬሾልዲንግ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «አካባቢያዊ ደፍ» ብዬዋለሁ።

ትሬሾልድ ቀጥተኛ አቻው የበሩ ደፍ ነው፤ ውስጡንና ውጭውን የሚለየው መስመር። በግራጫ ምስል ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የብርሃን ቁጥር አላት፤ 0 ፍጹም ጥቁር፣ 255 ፍጹም ነጭ ነው። ፊደል ለቃሚው ፕሮግራም ግን መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ነጥቧ ጽሕፈት ናት ወይስ ወረቀት የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ደፍ ይደረግና ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ለሙሉ ገጽ የሚሆነውን አንድ ደፍ ከምስሉ የብርሃን ስርጭት በራሱ የሚያሰላው ዝነኛ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ ያሳተሙት ሲሆን፣ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ቴሰራክት የተባለው ነፃ ኦሲአርም ካልነገሩት በቀር የሚሠራው በዚሁ ነው። አካባቢያዊው ደፍ ግን አንድ ቁጥር የለውም። ለእያንዳንዷ ነጥብ በዙሪያዋ ያሉትን ነጥቦች አማካይ ያሰላል፤ ነጥቧ ከጎረቤቶቿ ጉልህ በሆነ መጠን ከጠቆረች ጽሕፈት ናት ብሎ ይፈርዳል። «ተለዋዋጭ ደፍ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ደፉ የሚለወጠው ከጊዜ ወደ ጊዜ ሳይሆን ከቦታ ወደ ቦታ ስለሆነ «አካባቢያዊ» የሚለውን መርጫለሁ።

ይህ ልዩነት በታተመ መጽሐፍ ገጽ ላይ ብዙም አይታይም። በደረሰኝ ላይ ግን ሁሉን ነገር ይወስናል፤ ምክንያቱም የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በቀለም አይታተምም። ማሽኑ ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ቴርማል ወረቀቱ ራሱ በላዩ በተቀባው ስስ ንጣፍ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ይዞ ይመጣል፦ ገና ቀለም ያላወጣ ሉኮ የሚባል ማቅለሚያና ቀለሙን የሚያወጣ ደካማ አሲድ። ለረጅም ጊዜ አሲድ ሆኖ ያገለገለው ቢስፌኖል ኤ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ለጤና በመስጋት በቴርማል ወረቀት ላይ አጠቃቀሙን ስለገደበ በሌሎች እየተተካ ነው። የማተሚያው ራስ በጥቃቅን ነጥቦች ሲሞቅ ንጣፉ ይቀልጣል፣ አሲዱና ማቅለሚያው ይገናኛሉ፣ የማቅለሚያው ሞለኪውል ቅርጹ ተለውጦ ይጠቁራል።

ግንኙነቱ ግን ሊፈርስ የሚችል ነው። ከእጅ የሚወጣ ቅባት፣ ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩ ኬሚካሎች፣ የስኮች ሙጫ፣ እነዚህ ሁሉ አሲዱንና ማቅለሚያውን መልሰው ያለያዩዋቸዋል፤ ጥቁሩም ይከስማል። ደረሰኝን በፒቪሲ ኪስ ውስጥ ከትቶ ማስቀመጥ ጥንቃቄ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ከሚያደበዝዙት ነገሮች አንዱ ነው። የፀሐይ ብርሃንም ማቅለሚያውን ይሰባብረዋል። ሙቀት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ደረሰኙ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተረሳ ያልታተመበት ቦታ ሁሉ መጥቆር ይጀምራል። አንዱ ጽሕፈቱን ያነጣል፣ ሌላው ወረቀቱን ያጠቁራል፤ ለምስሉ ግን ውጤታቸው አንድ ነው። በጽሕፈቱና በወረቀቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ይጠብባል።

በዚህ ላይ የፎቶው ጥላ ይጨመራል፤ ከላይ ተጎንብሶ የሚያነሳ ሰው የራሱን ጥላ ደረሰኙ ላይ ይጥላልና። አንድ የደበዘዘ ደረሰኝ በቁጥር እንይ። ብርሃን በሚያገኘው በኩል ወረቀቱ 210፣ ጽሕፈቱ 180 ነው እንበል። ጥላ ባረፈበት በኩል ወረቀቱ 140፣ ጽሕፈቱ 118። ለብርሃኑ ወገን የሚሆን ደፍ ከ180 እስከ 210 ባለው መካከል መገኘት አለበት፤ ለጥላው ወገን የሚሆነው ከ118 እስከ 140 ባለው መካከል። ሁለቱን የሚያስማማ ቁጥር የለም። 128 ብንል የብርሃኑ ወገን ጽሕፈት በሙሉ ይጠፋል። 195 ብንል የጥላው ወገን ጥቁር ግድግዳ ይሆናል። ግማሹ ተነቦ ግማሹ ባዶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንኛውም ብልህ ፕሮግራም አንድ ደፍ እስከተሰጠው ድረስ ከዚህ አያመልጥም።

አካባቢያዊው ደፍ በዚሁ ደረሰኝ ላይ ምን ያደርጋል? በአንድ ነጥብ ዙሪያ ካለው ቦታ አንድ አምስተኛው ጽሕፈት ነው እንበል። በብርሃኑ ወገን አማካዩ 204 ይሆናል፤ ከዚያ 10 ሲቀነስ ደፉ 194 ላይ ያርፋል፤ በ180 እና በ210 መካከል። በጥላው ወገን አማካዩ 136 ገደማ ነው፤ 10 ሲቀነስ 126፤ እሱም በ118 እና በ140 መካከል። ማንም ሳይነግረው በሁለቱም ቦታ ትክክለኛውን ደፍ አገኘ። ኦፕን ሲቪ በተባለው የምስል ማቀናበሪያ ሥራው በጥቂት መስመሮች ያልቃል፦

```python
import cv2
g = cv2.imread("receipt.jpg", cv2.IMREAD_GRAYSCALE)
g = cv2.GaussianBlur(g, (3, 3), 0)
bw = cv2.adaptiveThreshold(g, 255,
        cv2.ADAPTIVE_THRESH_GAUSSIAN_C,
        cv2.THRESH_BINARY, 41, 10)
cv2.imwrite("receipt_bw.png", bw)
```

መጀመሪያ ላይ ያለችው ትንሽ ማለስለሻ የማተሚያውን የተነጣጠሉ ነጥቦች ታያይዛለች። 41 የመስኮቱ ስፋት ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት። 10 ከአማካዩ የሚቀነሰው ነው። ሁለቱን ማስተካከል የሚቻለው ውጤቱን በዓይን በማየት ነው። ደምቆ የታተመው የጠቅላላ ድምር ፊደላት ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ጠርዛቸው ብቻ ከቀረ መስኮቱ ጠቧል፤ የፊደሉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን። ጥላው እንደገና ጥቁር እድፍ ሆኖ ከታየ ደግሞ በጣም ሰፍቷል። ወረቀቱ ላይ በርበሬ የተበተነ ከመሰለ የሚቀነሰው ቁጥር ትንሽ ነው። የፊደላቱ ቀጭን መስመሮች ከተቆራረጡ፣ ከሁሉም በላይ የብርና የሳንቲም መለያዋ ነጥብ ከጠፋች፣ ቁጥሩ በዝቷል። በጣም ለደበዘዘ ደረሰኝ ወደ 4 ወይም 5 ዝቅ አድርጎ ትንሽ በርበሬ መቀበል ይሻላል።

ከዚህ እርምጃ በፊት ግን ምስሉ መቃናት አለበት፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ያስከፍላል። ማዘንበል ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ደረሰኙ በተዘረጋበት ገጽ ላይ ትንሽ መዞሩ ነው፤ መልሶ በማዞር ይስተካከላል። ሁለተኛው ስልኩ ዘንበል ብሎ ሲያነሳ የሚመጣው ነው፤ ለስልኩ የቀረበው ጠርዝ ይሰፋል፣ የራቀው ይጠብባል። ይህን የደረሰኙን አራት ማዕዘኖች ለይቶ ወደ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን መዘርጋት ይፈታዋል፤ የስልክ ሰነድ ማንሻዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው አስቸጋሪ ነው። ወረቀቱ ከጥቅል ስለተቆረጠ ይጠቀለላል፣ መስመሮቹም እንደ ቀስት ይጎብጣሉ፤ አራት ማዕዘን ማስተካከል አያቀናቸውም። የተሻለው መድኃኒት ከማንሳት በፊት ነው፦ ጠርዞቹን በከባድ ነገር መያዝ ወይም ንጹሕ መስታወት ከላይ መጫን። በካውያ መተኮስ ግን ደረሰኙን ለዘለዓለም ያጠቁረዋል።

ማቃናቱ በግራጫው ምስል ላይ ይሁን የምለው፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ ምስል ሲዞር የፊደሉ ጠርዝ ስለሚሸራረፍ ነው። ግራጫው መካከለኛ ቁጥሮች ስላሉት መዞሩን ይችለዋል።

የምስሉ መጠንም በዚሁ ጊዜ ይታይ። የተለመደው የደረሰኝ ማተሚያ በአንድ ሚሊሜትር 8 ነጥብ ያትማል። ርዝመቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ደረሰኝ በመልእክት መላኪያው እንደ ተራ ፎቶ ተልኮ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ዝቅ ቢል፣ ፎቶው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ደረሰኝ ቢሆን እንኳ በሚሊሜትር ከስድስት ተኩል ፒክስል በታች ነው የሚደርሰው። ማተሚያው ካተመው ያነሰ ማለት ነው። ያ ዝርዝር ከጠፋ በኋላ ማጉላት አይመልሰውም። ፎቶው እንደ ፋይል ይላክ። ለ57 ሚሊሜትር ደረሰኝ ስፋቱ ብቻ ቢያንስ 700፣ ቢቻል 1000 ፒክስል ቢሆን ጥሩ ነው።

ከንባቡ በኋላ የሂሳብ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ ደረሰኙ ራሱን ይፈትሻል። ፕሮግራሙ ታክስ የሚከፈልበትን 430.00፣ ቫቱን 72.00፣ ድምሩን 552.00 ብሎ አነበበ እንበል። 430 እና 72 ሲደመሩ 502 ናቸው፤ የ430 አሥራ አምስት በመቶም 64.50 እንጂ 72 አይደለም። 552 ለ1.15 ሲካፈል ግን ልክ 480 ይሰጣል፣ የእሱም አሥራ አምስት በመቶ 72 ነው። ስለዚህ የደበዘዘው 8 ግራ ጎኑን አጥቶ 3 ሆኗል። እንዲህ ያለ ስህተት በተገኘ ቁጥር የሚቀነሰውን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ያንኑ ምስል እንደገና ማስነበብ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በጽሕፈቱና በወረቀቱ መካከል ጥቂት ልዩነት እስከቀረ ድረስ ነው። ልዩነቱ ከወረቀቱ የራሱ ሸካራነትና ከካሜራው ጫጫታ በታች ሲወርድ የትኛውም ደፍ ፊደል አያወጣም፤ የሚያወጣው በርበሬ ብቻ ነው። የመደብሩን ስም ከሌሎች ደረሰኞች ማወቅ ይቻላል፤ ያልታየውን የብር አኃዝ ግን በግምት መሙላት አይገባም። በመዝገቡ ላይ «አልተነበበም» ተብሎ ይጻፍና ሻጩ ቅጂውን ይጠየቅ።