ተመጣጣኝነት

ተመጣጣኝነት መብትን የሚገድብ የመንግሥት እርምጃ ለመከላከል ከታሰበው አደጋ መጠን እንዳያልፍ የሚጠይቅ የሕግ መለኪያ ነው። ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ጨምሮ በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅዶ የነበረ ሲሆን፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ደግሞ መብት የሚታገደው አደጋውን ለማስወገድ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ በቡሬ መንገድ የዘጋን ታጣቂ መያዝ መለኪያውን ሊያሟላ ይችል ነበር፤ በአካባቢው በመኖሩ ብቻ የተጠረጠረን ገበሬ ያለ ክስ ለወራት ማሰር ግን አያሟላም።

ይኸው አንቀጽ ኢሰብአዊ አያያዝን መከልከልንና እኩልነትን ከማይታገዱት መካከል ሲዘረዝር፣ የሚያስገርመው፣ በሕይወት የመኖር መብትን አይጠቅስም፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን ይህን መብት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ማገድን ይከለክላል።