የማይታወቅ የነጋዴ ስም (በባንክ ስቴትመንት ላይ)

ደንበኛው ገዛሁ ብሎ የማያስታውሰው፣ በሒሳብ መግለጫው ላይ የወጣ የተከፋይ ስም ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው የስም ልዩነት ነው። በሱቁ ሰሌዳ ላይ ያለው መጠሪያ አንድ ሆኖ፣ የፖስ ማሽኑ የተመዘገበው በባለንብረቱ ስም ወይም በሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል። በዓለም አቀፉ የካርድ መልእክት ደንብ ለነጋዴው ስም፣ ለከተማውና ለአገሩ የተመደበው በድምሩ 40 ፊደል ስለሆነ ረጅም ስም ተቆርጦ ይወጣል።

ማጣራቱ በቀንና በሰዓት ይጀምራል። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቅዳሜ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 1፡40 በካርድ እራት የከፈለ ሰው፣ መግለጫው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጻፍ ከሆነ 2025-01-11 19:40 የሚል ያገኛል። ባንኩ ሒሳቡን ያወራረደበትን ቀን ብቻ ከጻፈ ግን ቀኑ ሊዘገይ ይችላል።

ቀጥሎ ገንዘቡ ይሰላል። በምግብ ዝርዝሩ 800 ብር የነበረው፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 880፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ደግሞ 1,012 ብር ይሆናል።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የግብር ከፋዩን ስምና የመለያ ቁጥር ስለሚይዝ ሁለቱን ስሞች ያገናኛል። ደረሰኙ ከጠፋ፣ የግብይቱን ማጣቀሻ ቁጥር ይዞ ባንኩን መጠየቅ ይቻላል። ቀኑም ገንዘቡም ካልገጠመ ካርዱን ወዲያው ማሳገድና አቤቱታውን በጽሑፍ ማስገባት ይገባል።