ታይፎይድ ያልሆነው ትኩሳት፦ ከማልታ ፍየሎች እስከ ሾላ ወተት

አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ይዞት የሚወጣውን ወረቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ዊዳል» እና «ዌል ፌሊክስ» ይላል፤ ከጎኑ 1፡80 ወይም 1፡160 የሚል ቁጥር አለ፤ ሰውየውም ቤቱ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ» ይላል። ስሙ የዚህን ያህል ሰፈር ለሰፈር የታወቀ ምርመራ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ዊዳል ታናሽ ወንድም ነው፤ በአንድ ዓመት ብቻ ስለሚያንሰውና እኛ ሰፈር ግን ስሙ ስለማይነሳው ምርመራ። የሚፈልገው በሽታ ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ ካልፈላ ወተት የሚመጣ ትኩሳት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ነገሩ የሚጀምረው ማልታ ከምትባል የሜዲትራኒያን ደሴት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች እዚያ ጦር ነበራቸው። ወታደሮቹ ትኩሳት ይይዛቸዋል፣ ሌሊት በላብ ይታጠባሉ፣ ወገባቸውንና መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል። ከዚያ ይሻላቸውና «ዳንኩ» ሲሉ ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እየሄደ እየመጣ ወራት ይፈጃል። ሐኪሞቹ አንዳንዴ ታይፎይድ፣ አንዳንዴ ወባ ይሉታል። በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም በዚሁ በሽታ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ላይ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ይፋ አደረገ። በሽታው ራሱን የቻለ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ግን የሟች ጣፊያ ለሕያው በሽተኛ ምን ይጠቅመዋል? አልጋ ላይ የተኛው ሰው የያዘው ታይፎይድ ይሁን ይህኛው፣ በምን ይለይ?

መልሱ የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በ1896 ፓሪስ ላይ ፈርናንድ ዊዳል የታይፎይድ በሽተኛን የደም ውሃ ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቅለው ባክቴሪያው እየተጓጎለ እንደሚሰበሰብ አሳየ። በደሙ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ጠላቱን ያውቀዋልና ይይዘዋል። በዓመቱ፣ በ1897፣ እንግሊዝ አገር ኔትሊ በሚገኘው የጦር ሕክምና ትምህርት ቤት አልምሮት ራይትና ባልደረባው ስሚዝ ያንኑ ዘዴ በብሩስ ባክቴሪያ ላይ ሞከሩት። ያሳተሙት ጽሑፍ ጥያቄ ደግሞ አንድ ነበር፦ ይህ ሰው የያዘው ታይፎይድ ነው ወይስ የማልታ ትኩሳት? የአንዱን ሰው የደም ውሃ ወስደህ ከሁለቱም ባክቴሪያ ጋር ታገናኘዋለህ፤ የተጓጎለው ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የብሩሴላ የደም ምርመራ ከመጀመሪያው የተፈለገው ከዊዳል ጎን ቆሞ ሁለቱን ትኩሳቶች እንዲለይ ነው። ወደ እኛ ክሊኒኮች ሲመጣ ግን አንደኛው የየቀኑ ምርመራ ሆነ፤ ሁለተኛው ጥቂት ላቦራቶሪዎች ውስጥ ቀረ። እና ዊዳል ብቻውን ሲታዘዝ፣ በ1897 ከተጠየቀው ጥያቄ ግማሹን ብቻ ነው የምንጠይቀው።

በሽታው ከየት እንደሚመጣ እስኪታወቅ ደግሞ ከብሩስ ግኝት በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። አየሩ ተጠረጠረ፣ የቆሻሻ ቦዩ ተጠረጠረ፣ ትንኝ ተጠረጠረ። ማልታ ላይ ያኔ ወተት የሚሸጠው ፍየሎቹን በየመንገዱ እየነዱ በየደጃፉ እያለቡ ነው። ፍየሎቹ ይበላሉ፣ ይታለባሉ፣ ምንም የታመሙ አይመስሉም፤ ስለዚህ ማን ይጠርጥራቸው? በ1905 የአገሩ ተወላጅ የሆነው ዶክተር ዘሚት የጥቂት ፍየሎችን ደም በዚያው በመጓጎል ምርመራ ቢያየው አብዛኞቹ ምላሽ ሰጡ። ባክቴሪያው ከደማቸውም ከወተታቸውም ተገኘ። በ1906 ጦሩ የፍየል ወተት እንዳይጠጣ ተከለከለ፤ የታማሚው ወታደር ቁጥርም ወዲያው አሽቆለቆለ። ወተቱን መጠጣት የቀጠለው የማልታ ሕዝብ ግን ለብዙ ዓመታት መታመሙን ቀጠለ።

«እኛ የምንጠጣው የላም እንጂ የፍየል አይደለም» የምትሉ ትኖራላችሁ። በ1897 ዴንማርካዊው በርንሃርድ ባንግ ላሞችን የሚያስወርድ ባክቴሪያ አግኝቶ ነበር። የላሙና የፍየሉ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን በ1918 ያሳየችው አሜሪካዊቷ አሊስ ኢቫንስ ናት። ያልፈላ የላም ወተትም ሰውን ሊያሳምም ይችላል ብላ ብታስጠነቅቅ፣ ለብዙ ጊዜ የሰማት አልነበረም። በ1922 ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሠራ በሽታው ያዛት። ዓመታት ሲጥላትና ሲያነሳት ሐኪሞች «የነርቭ ድካም ነው» አሏት። በሽታውን ከማንም በላይ የምታውቀው ሴት እንኳ ታምማ የሚያምናት አጣች። የእውነት መታመሟ የተረጋገጠው በቀዶ ጥገና ጊዜ ከሰውነቷ ባክቴሪያው ሲገኝ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት በኩል የውጭ ዝርያ የወተት ላሞች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ እርዳታ ያኔ የከተማው ዳርቻ በነበረው ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። «ሾላ ወተት» የምንለው ስም ከዚያ ነው። ማቀነባበሪያው የሚሠራው ሥራ በዋናነት ይኸው ነው፦ ወተቱን ለምሳሌ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሴኮንድ ማሞቅ። ብሩሴላ ይህን አይችልም፤ ይሞታል። ግን የካ ውስጥ ሁሉም ሰው ከፋብሪካ የወጣ ወተት አይጠጣም። ኮተቤ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ሁለትና ሦስት ላም ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ወተቱም በጄሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ደጃፍ ይደርሳል። አብዛኛው ሰው ያፈላዋል። «ከላሟ የወጣ ትኩሱ ይሻላል» የሚልም አለ። እርጎ ደግሞ ከጥሬ ወተት ነው የሚረጋው። መኮምጠጡ ባክቴሪያውን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል እንጂ የአንድና የሁለት ቀን እርጎ ላይ እምነት አይጣልም።

ማጋነን አልፈልግም። በደጋው የአገራችን ክፍል በላሞች ላይ የሚገኘው ብሩሴላ በጥቅሉ አነስተኛ ነው፤ የሚበዛው እንደ ቦረና፣ አፋርና ሶማሌ ባሉ የአርብቶ አደር አካባቢዎች፣ በፍየልና በግመልም ጭምር ነው። ትኩሳት ሁሉ ብሩሴሎሲስ አይደለም። ግን በ2015 ኢትዮጵያ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች አምስቱን ቅድሚያ ስትሰጥ አንዱ ይኸው ነበር።

እስቲ በምሳሌ እንየው (ሴትዮዋ እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ መንገዱ ግን የታወቀ ነው)። ከእንጦጦ ግርጌ የምትኖር፣ ሁለት ላም ያላት ሴት እንበል። አንዷ ላም በሰባተኛ ወሯ አስወረደች፤ የእንግዴ ልጁም አልወርድ ብሎ ሴትዮዋ በባዶ እጇ ረዳች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብ ሕመም ጀመራት። ዊዳል 1፡80 ወጣ። ይህ ቁጥር ድሮ ከያዛት ወይም ከሌላ ባክቴሪያ የቀረ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሲፕሮ ለሰባት ቀን ተሰጣት። ተሻላት። ለምን? ሲፕሮ ብሩሴላን በከፊል ይጎዳዋል፤ በሽታውም በራሱ ጊዜ የሚሄድና የሚመጣ ነው። ስለዚህ መሻሏ ታይፎይድ መሆኑን የመሰከረ መሰለ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ተመለሰ። እንደገና ዊዳል፣ እንደገና ሲፕሮ።

ይህን ዙር የሚሰብረው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እማማ፣ ወተት ሳይፈላ ይጠጣሉ? ላምዎ አስወርዳ ታውቃለች?» መልሱ አዎ ከሆነ ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ምርመራ አለ፤ በካርድ ላይ የሚሠራ፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ። ፖዘቲቭ ከሆነ በቱቦ እየቀጠኑ ይለካል። ምልክቱ ባለበት ሰው 1፡160 እና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማስረጃ ይወሰዳል።

ላቦራቶሪ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ሁለት ወጥመዶች አትርሱ። አንደኛ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ከመጠን በላይ ሲበዛ መጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ላይ ምንም አይጓጎልም፤ እዚያ ላይ ካቆማችሁ በጣም የታመመውን ሰው «ኔጋቲቭ» ብላችሁ ትሰዱታላችሁ፤ ወደ ቀጠነው ውረዱ። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ከዳኑ በኋላም በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ከታሪኩ ጋር ነው የሚነበበው።

ሕክምናው ትዕግስት ይጠይቃል። ለአዋቂ የተለመደው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለስድስት ሳምንት ነው፤ ከእሱ ጋር ወይ ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ ወይ ሪፋምፒሲን ለስድስቱም ሳምንት። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚጠይቀው ብሩሴላ የሚደበቀው ባክቴሪያን እንዲበሉ በተፈጠሩት ሴሎች ውስጥ ስለሆነ ነው። በአንድ መድኃኒት ብቻ ወይም በአጭር ጊዜ የተመታ እንደሆነ የተደበቀው ይተርፍና ከወራት በኋላ ይመለሳል። ችግሩ በሽተኛው ቶሎ ይሻለዋል፤ በአሥረኛው ቀን «ድኛለሁ፣ ገንዘብ ለምን አወጣለሁ» ይላል። አከርካሪ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሕክምናው ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ምርጫው ሌላ ነው፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

እኛ አገር የሚጨመር አንድ ጥንቃቄ አለ። ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒት ነው፤ ስትሬፕቶማይሲንም ቲቢን ይመታል። ወገቡን እያመመው ማታ ማታ የሚያልበው ሰው ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ በምልክትም በራጅም ይመሳሰላሉ። ቲቢ ሳይጣራ ይህን ሕክምና መጀመር ቲቢውን ግማሽ አክሞ መድኃኒት እንዲለምድ ማድረግ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ፦ ዶክሲሳይክሊንን በወተት አትዋጡት፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል።

ወተቱ አንዴ ገንፍሎ ሲወጣ ብሩሴላው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ እርጎም አድርጉት ሻይም። የላሟን ውርጃ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለውሻም አትጣሉት፤ ቅበሩት፣ የእንስሳት ሐኪምም ጥሩ። ክሊኒክ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ እስቲ ንገሩኝ፦ እናንተ ጋ ሮዝ ቤንጋል አለ? ዊዳል ሁለቴ ታዞለት ያልዳነ ሰው ሲመጣ ስለ ወተት የሚጠይቀው አለ?