ያበጠ ጣት ላይ የቀረ ቀለበትን ሳይቆርጡ ማውጣት

ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በጣቱ መሃለኛ መጋጠሚያ ላይ ነው። በጉልበት ሲጎትቱት ቆዳው ከቀለበቱ ፊት ይሰበሰባል፤ ጣቱም ይበልጥ ያብጣል።

መጀመሪያ ጣቱን ይመልከቱ

ጥፍሩን ጫን አድርገው ይልቀቁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ገደማ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ከተመለሰ ደም እየደረሰ ነው። ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከነጣ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ጥልቅ ቁስል ካለው ወይም አጥንቱ ተሰብሯል ብለው ከጠረጠሩ በቤት ውስጥ አይሞክሩ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

በማለስለሻ

ለምሳሌ አንዲት የ8 ወር ነፍሰ ጡር ጠዋት ስትነሳ የጋብቻ ቀለበቷ አልወጣ አላት እንበል። ጥፍሯ ሲጫን ቀለሙ ቶሎ ይመለሳል፤ ጣቷም አልደነዘዘም። እጇን ከልቧ ከፍ አድርጋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ትያዝ፤ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትንከር። ቀጥላ ቫዝሊን፣ ዘይት ወይም ፈሳሽ ሳሙና ከቀለበቱ ሥርና ዙሪያ፣ እስከ መጋጠሚያው ድረስ ትቀባ። ቀለበቱን ወደ ግራና ቀኝ እያዞረች በዝግታ ወደ ጥፍሩ ትግፋው።

በክር

ማለስለሻው ካልሠራ 1 ሜትር ያህል ቀጭን ግን ጠንካራ የስፌት ክር ያዘጋጁ። ሌላ ሰው ቢያግዝዎት ይቀላል።

1. የክሩን አንድ ጫፍ በቀለበቱ ሥር ወደ መዳፍ በኩል አሳልፈው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስቀሩ።
2. ረጅሙን ክር ከቀለበቱ ጥግ ጀምረው ወደ ጥፍሩ አቅጣጫ፣ ዙሮቹ ክፍተት ሳይኖራቸው አጥብቀው ይጠምጥሙ። መሃለኛውን መጋጠሚያ እስኪያልፉ ይቀጥሉ።
3. በመዳፍ በኩል የቀረውን አጭር ጫፍ ይዘው፣ በተጠመጠመበት አቅጣጫ እያዞሩ ወደ ጥፍሩ ይሳቡት። ክሩ በተፈታ ቁጥር ቀለበቱ በጥምጥሙ ላይ ወደፊት ይሄዳል።

በዙሮቹ መካከል ክፍተት ካለ ቆዳው በዚያ በኩል ወጥቶ ቀለበቱን ያግደዋል፤ ፈትተው እንደገና ይጠምጥሙ። ጥምጥሙ ደም ስለሚያግድ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያቆዩት። ሕመሙ ከበረታ ወዲያውኑ ይፍቱት።

መቼ ማቆም ይገባል?

ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልሆነ ያቁሙ። ወርቅና ብር በጤና ተቋም በመቁረጫ በቀላሉ ይቆረጣሉ፤ በኋላም ወርቅ ሠሪ ሊጠግናቸው ይችላል።

ቀለበቱ ከወጣ በኋላ ጣቱ በ1 ሰዓት ውስጥ ወደ ቀድሞ ቀለሙና ስሜቱ ካልተመለሰ ይታዩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑና እብጠቱ በድንገት ከመጣ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለብዎት፣ ቀለበቱ ቢወጣም በዚያው ቀን የደም ግፊትዎን ያስለኩ። ይህ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት አደገኛ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል።