የብርድ እብጠት እና የውርጭ ምት

የሕክምና ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው «ቺልብሌይን» እና «ፍሮስትባይት» ብለው ለየብቻ የሚጠሯቸው ሁለት የጣት ጉዳቶች፣ በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ «ብርድ መታው» በሚለው አንድ አነጋገር ይታለፋሉ። እዚህ የመጀመሪያውን የብርድ እብጠት፣ ሁለተኛውን የውርጭ ምት እለዋለሁ። ሁለቱን መለየት ያስፈለገው ለቃል ጥራት ሲባል ብቻ አይደለም። አንደኛውን የሚያስታግሰው እርዳታ ለሌላኛው አይበቃም፤ ለሁለተኛው የሚያስፈልገውም ለመጀመሪያው ይበዛበታል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ በጣቱ ሥጋ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኗል ወይስ አልሆነም?

በብርድ እብጠት ውስጥ የረጋ ነገር የለም። የሚመጣው ከዜሮ ዲግሪ በላይ በሆነ፣ በተለይም እርጥበት ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ ስለዚህ በክረምት ጭቃ ውስጥ የዋለ እግር በቂ ሰበብ ነው። በቅዝቃዜው የተኮማተሩት የቆዳ ጥቃቅን የደም ሥሮች መልሰው በወጉ አይከፈቱም፤ በዙሪያቸው ያለው ሥጋም ይቆጣል። እብጠቱ ወዲያው አይታይም። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ የእግር ወይም የእጅ ጣት ላይ ይወጣል። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ሲነኩት ያማል። መጻሕፍቱ «ቀይ» ይሉታል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ስለማይጎላ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ከአካባቢው ወደ ጠቆረ ቀለም ያደላል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ ማሳከኩንና እብጠቱን ማመን ይሻላል። እርዳታው ጥድፊያ የለውም፦ እርጥቡን ካልሲ ማውለቅ፣ ማድረቅ፣ በክፍል ሙቀትና በደረቅ ልብስ ቀስ እያሉ ማሞቅ፣ አለማከክ። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

የውርጭ ምት ግን የሚደርሰው ሥጋው ከዜሮ በታች ወርዶ ሲረጋ ነው። የበረዶ ቅንጣቶች ሕዋሳቱን ይጎዳሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ የተጎዱት የደም ሥሮች በረጋ ደም ይዘጋሉ። ምልክቱ የእብጠቱ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፦ ጣቱ አያሳክክም፣ አያቃጥልም፣ ምንም አይሰማውም። ሲነኩት ይጠነክራል፤ ይገረጣል፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ አመድማ ይሆናል። «ሕመሙ ለቀቀኝ» የሚል ሰው ተሽሎት ሳይሆን ብሶበት ሊሆን ይችላል።

«ፍሮስትባይት»ን ቃል በቃል «የበረዶ ንክሻ» ብንለው ምን ይጎድላል የሚል ይኖራል። ሰሚው በረዶ ያልነጠፈበት ቦታ ላይ ጉዳቱ የማይደርስ ይመስለዋል፤ የእኛ ደጋ ከፍተኛ ብርድ ግን የሚመጣው በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ በጠራበት ደረቅ ሌሊት ነው። «የብርድ ቃጠሎ» ደግሞ ይብሳል፤ ቃጠሎ ሲባል እጅ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ይሮጣል። «እህሉን ውርጭ መታው» የሚለው የገበሬው አነጋገር ግን ነገሩን በትክክል ይዞታል፤ ቅጠሉንም ጣቱንም የሚጎዳው በውስጣቸው ያለው ውኃ መርጋቱ ነውና።

«ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርድ የት አለ?» ለሚለው ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ንጋት ላይ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ 4,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በራስ ዳሸን ጫፍ አካባቢ፣ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ነፋስ ሙቀትን ቶሎ ይነጥቃል እንጂ ደረቅ ቆዳን ከአየሩ በታች አያወርድም፤ ስለዚህ ከዜሮ በላይ ባለ አየር ደረቅ ጣት አይረጋም። ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ላይ ደግሞ የደረቀና የተሸፈነ ጣት በቀላሉ አይመታም፤ አደጋው እርጥብ ካልሲ፣ ጠባብ ጫማና ረጅም ሰዓት ሲጨመሩበት ነው። «የደጋ ሰው ብርድ ለምዷል» የሚለው መከራከሪያም አያስተማምንም። በአሜሪካና በብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ወታደሮች በብርድ ጉዳት ከሌሎቹ በብዛት እንደሚጠቁ ደጋግመው አሳይተዋል። ሚኒሶታ ለሚኖር ወገናችንም ይህ ትርጉም አለው።

አሁን አንድ ሁኔታ እንውሰድ። ሌሊት ተነሥቶ ወደ ራስ ዳሸን የወጣ ተጓዥ በእርጥብ ካልሲ ቆይቶ የእግሩ ሁለት ጣቶች ደንዝዘውና ጠንክረው ወደ ሰፈሩበት ቦታ ይመለሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጣቱ እንደገና ሊረጋ ይችላል ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ገና በብርድ ብዙ መንገድ የሚቀረው ከሆነ አለማቅለጥ ይመረጣል፤ ቀልጦ እንደገና የረጋ ጣት ጉዳቱ እጅግ የከፋ ነው። ከመጠለያው የማይወጣ ከሆነ ግን በሞቀ ውኃ ቶሎ ማቅለጥ ያስፈልጋል፤ ተፈላጊው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ነው። የሰፈረበት ቦታ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ እዚያ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ 1 ሊትር የፈላ ውኃ 2 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ከቀረው የ10 ዲግሪ ውኃ ጋር ሲደባለቅ ተፈላጊው ሙቀት ላይ ይደርሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ የሚረዳው ሰው ጤነኛ እጁን ለ30 ሰከንድ ይንከረው፤ ካቃጠለው በዝቷል። የታማሚው እግር ምንም ስለማይሰማው ዳኛ ሊሆን አይችልም። ውኃው ሲበርድ እግሩን አውጥቶ ሙቅ መጨመር፣ አማስሎ እንደገና መለካት ነው። ቆዳው ለስልሶ ቀለሙ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሕመሙ በርትቶ ሲመጣ ማቆም አይገባም፣ እየቀለጠ የመሆኑ ምልክት ነውና። ከዚያ በኋላ በጣቶቹ መካከል ንጹሕ ጨርቅ ማስገባት፣ ውኃ የቋጠረውን ቆዳ አለማፍረጥ፣ በዚያ እግር አለማስረገጥ፣ ወደ ሆስፒታልም መውሰድ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሙና የደም ሥር የሚከፍቱ መድኃኒቶች ጣት ሊያተርፉ የሚችሉት ቶሎ ሲደረስ ነው።

«አባቶቻችን በእሳት ዳር እያሹ ያድኑ የለም ወይ?» ለሚለው መልሱ የሚገኘው በታሪክ ነው። የናፖሊዮን የጦር ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1812 በሩሲያው ዘመቻ፣ በእሳት ዳር የሚሞቁ ወታደሮች ጣታቸው ተቃጥሎ፣ በማግስቱ በጉዞ ላይ እንደገና ረግቶ ሲበሰብስ አየ። ያየው እውነት ነበር፤ ግን ጥፋቱን በእሳቱና በድጋሚ መርጋቱ ብቻ ሳይወስን በሙቀት ሁሉ ላይ ጣለና በበረዶ ማሸትን መከረ። ምክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በአላስካ ሐኪሙ ዊልያም ሚልስ በዚሁ አቆጣጠር በ1960 አካባቢ በታተሙ ሥራዎቹ በሞቀ ውኃ ቶሎ ማቅለጥ የተሻለ መሆኑን ካሳየ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። እሳት የደነዘዘውን ጣት ሳያሳውቅ ያቃጥላል፤ ማሸት የረጋውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል። ቅቤ መቀባትም ድርቀትን እንጂ ውርጭን አይከላከልም።

ስለ መከላከል ብዙ ሰው ጣቱን ብቻ ያያል። ሰውነት ደረቱ ሲቀዘቅዝ ደሙን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ጣቶችን ያስርባል፤ ስለዚህ በትከሻ ላይ ያለ የመንዝ በርኖስ ከቀጭን ጓንት ይልቅ ለጣት ሊጠቅም ይችላል። አራት ጣትን በአንድ ከረጢት የሚይዝ ጓንት እያንዳንዱን ለየብቻ ከሚያለብሰው ይሻላል። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጫማን ማጥበቅ ግን የደሙን መንገድ መዝጋት ነው፤ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ጣት የሚላወስበት ጫማና በፌስታል የተያዘ ደረቅ ተለዋጭ ይበቃል። በኮንጎ ጫማ ወይም በቦት ውስጥ እግር በላብ ሊርስ ስለሚችል ማታ ማድረቅ ግድ ነው። ሲጋራ የጣት ደም ሥርን ያጠባል፤ አልኮል ደግሞ የሙቀት ስሜት እየሰጠ ሙቀትን ያስወጣል።

የብርድ እብጠት ከ3 ሳምንት ካለፈ፣ ከቆሰለ ወይም በሞቃት ወቅትም ከተመላለሰ ግን ብርዱን ብቻ መወንጀል ይብቃ። እንደ ሉፐስ ያለ የውስጥ በሽታ በዚሁ መልክ ሊታይ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በየብርዱ ለሚመላለስበት ሰው ደግሞ ሐኪም የደም ሥር የሚያሰፋውን ኒፌዲፒን ሊያዝለት ይችላል።